ሸክሙ ለአራት እኩል አይካፈልም

1000 ኪሎ የሚመዝን ሞተር በ4 ብሎን በታሰረ ብራኬት ላይ ቢንጠለጠል፣ እያንዳንዱ ብሎን ስንት ኪሎ ይደርሰዋል? ሺሁን ለአራት ማካፈል ነው፤ 250። ብሎን ሊገዛ ሱቅ የሚሄድ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚያሰላው እንዲሁ ነው። ይህ መልስ ልክ የሚሆነው ግን ሸክሙ በብሎኖቹ መሐል ለመሐል ቁልቁል ሲወርድ ብቻ ነው። ብራኬት ደግሞ የሚሠራው ሸክሙን ከምሰሶው አርቆ ለመያዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው አጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ብራኬት በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ጋራዥ ውስጥ የቆመ የብረት ምሰሶ አለ። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በምሰሶው ፊት ላይ ተለጥፎ በ4 ብሎን ታስሯል። የብረቱ ጫፍ ከምሰሶው አልፎ ወደ ቀኝ ይወጣና ሞተር ማንሻው ሰንሰለት እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ብሎኖቹ በአራት ማዕዘን ተደርድረዋል፤ ወደ ጎን 120፣ ወደ ላይ 160 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር ብናሰምር የሚቋረጡበት ነጥብ የአራቱ ማዕከል ነው። ከማዕከሉ ወደ ማንኛውም ብሎን ለመድረስ 60 ወደ ጎን፣ 80 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ሲለካ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰንሰለቱ ያለው ከዚሁ ማዕከል 300 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ነው። መሐንዲሶች ጉልበትን በኒውተን ይለካሉ፤ እኛ ግን ሁሉንም በኪሎ እንያዘው፤ ሐሳቡ አይለወጥም።

ሸክሙ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ብረቱን ቁልቁል ይስባል፤ ደግሞም በማዕከሉ ዙሪያ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ሊያዞረው ይታገላል። ሁለቱን ለየብቻ ማስላት ይቻላል። መጀመሪያ ሸክሙን በሐሳብ አንሥተን ማዕከሉ ላይ እናሳርፈዋለን። እዚያ ላይ ሲሆን በእርግጥም ለአራት እኩል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ ብሎን 250 ኪሎ፣ አቅጣጫው ወደ ታች። ብሎኑን እንደ መቀስ ለመቁረጥ የሚሞክረው ቀጥተኛው ጉልበት ይህ ነው። ነገር ግን ሸክሙን ከቦታው ስናነሣው የማዞር አቅሙን ጥለን መጥተናል። ያ አቅም 1000 ኪሎ በ300 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 300,000 ነው፤ መሐንዲሶች ሞመንት ይሉታል። ጎሚስታ የጠበቀ ዳዶ አልፈታ ሲለው በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ የሚሰካው ለዚሁ ነው፤ ክንዱ አይጠነክርም፣ ርቀቱ ግን ይረዝምለታል። ብራኬቱ ላይ ርቀቱ የሚረዝመው በእኛ ላይ ነው።

ይህን ማዞር የሚያስቆሙት እነዚያው አራት ብሎኖች ናቸው። እያንዳንዱ ብሎን ከማዕከሉ ወደ እርሱ ከሚመጣው መስመር ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይገፋል፤ ከማዕከሉ የራቀውም የበለጠ ይገፋል። ሒሳቡ የአንዱን ብሎን ርቀት በሞመንቱ አባዝቶ፣ የሁሉም ብሎኖች ርቀት በየራሱ ተባዝቶ በተደመረው ማካፈል ነው። በእኛ ብራኬት ሁሉም 100 ሚሊ ሜትር ስለሚርቁ የርቀቶቹ ካሬ ድምር 40,000 ይሆናል። 300,000 በ100 ተባዝቶ ለ40,000 ሲካፈል 750 ኪሎ ይመጣል። ከማዞሩ ብቻ ለእያንዳንዱ ብሎን የደረሰው ይህ ነው፤ ከቀጥተኛው ድርሻ ሦስት እጥፍ።

አሁን 250 እና 750 ደምሮ 1000 ብሎ መዝጋት ያጓጓል። የጉልበት አቅጣጫ ግን እንዲህ አያስደምርም። ብረቱ ወደ ቀኝ ሲዞር ላይኛው ቀኝ ማዕዘን ወደ ቀኝና ወደ ታች፣ ታችኛው ቀኝ ማዕዘን ደግሞ ወደ ግራና ወደ ታች ለመሄድ ይሞክራሉ። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ማዕዘኖች ወደ ላይ ይነሣሉ። ስለዚህ በቀኝ ያሉት ብሎኖች ላይ ማዞሩም ቀጥተኛው ሸክምም ቁልቁል ይጫናሉ፤ በግራ ያሉት ላይ ግን አንዱ የሌላውን ይቀንሳል። ከሁሉ የበለጠ የተጫነውን ብሎን መፈለግ ማለት ሁለቱ ጉልበቶች አቅጣጫቸው ይበልጥ የሚገጥምበትን ቦታ መፈለግ ነው። በተለመደው አደራደር ያ ብሎን ከማዕከሉ ከራቁት መካከል በሸክሙ በኩል ያለው ይሆናል።

750ውን ወደ ጎንና ወደ ታች እንከፋፍለው። ርቀቱ 60 ወደ ጎን፣ 80 ወደ ላይ ስለነበር፣ በእርሱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ጉልበት ተገልብጦ 80 ወደ ጎን፣ 60 ወደ ታች መጠን ይይዛል። በቁጥር 600 ኪሎ ወደ ጎን፣ 450 ኪሎ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ነው። በቀኝ ያለው ብሎን 450 እና 250 ቁልቁል ይደምርና 700 ይሆንበታል፤ ወደ ጎን ደግሞ 600 አለ። 700ን በራሱ፣ 600ንም በራሱ አባዝተን ደምረን የካሬ ሥሩን ስንወስድ 922 ኪሎ እናገኛለን። በግራ ያለው ብሎን ከ450 ላይ 250 ይቀነስለትና 200 ወደ ላይ ይቀረዋል፤ ከ600ው ጋር ሲቀናጅ 632 ኪሎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ደስ ይለኛል። ጠቅላላ ሸክሙ 1000 ኪሎ ሆኖ ሳለ ሁለቱ የቀኝ ብሎኖች እያንዳንዳቸው 922 ኪሎ ይዘዋል። በግራ ያሉት ሁለቱ ደግሞ፣ የተንጠለጠለው ዕቃ ቁልቁል እየሳበ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ። ሒሳቡ የተሳሳተ ቢመስል ማረጋገጫው ቅርብ ነው፤ በቀኝ ሁለት ጊዜ 700፣ ማለትም 1400 ቁልቁል፣ በግራ ሁለት ጊዜ 200፣ ማለትም 400 ወደ ላይ። ልዩነቱ 1000 ነው። ወደ ጎን የሚገፉት 600ዎችም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ማንም በወረቀት የሠራውን ብራኬት በዚህ መንገድ ሊፈትሸው ይችላል፤ የቁልቁሉ ድምር ከሸክሙ ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ አቅጣጫ ተዛብቷል ማለት ነው።

ልዩነቱ በብሎን ምርጫ ላይ ምን ያመጣል? ራሱ ላይ 4.6 የተጻፈበት ተራ ብሎን እንውሰድ። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በአውሮፓ የብረት ሥራ ደንብ ስሌት ከመቆረጥ አንጻር 715 ኪሎ ያህል ይፈቀድለታል። ሸክሙን ለአራት ያካፈለ ሰው 250ን ከ715 ጋር አነጻጽሮ ሦስት እጥፍ ገደማ ትርፍ አለኝ ብሎ ይተኛል። ያው ብሎን፣ የጥንቃቄው ቅናሽ ሳይታሰብ እንኳ፣ የሚቆረጠው 900 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የደረሰበት ግን 922። በደንቡ መሠረት ሸክሙ አስቀድሞ በ1.5 ስለሚባዛ የሚፈለገው አቅም 1383 ኪሎ ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትሩ ብሎን 1135 አካባቢ ስለሚፈቀድለት አይበቃም፤ 12 ሚሊ ሜትሩ 1650 አካባቢ ስላለው ያልፋል። ማንሻው ሞተሩን በድንገት የሚነጥቅ ከሆነ ለዚያም ተጨማሪ መያዝ ይገባል።

ብሎን ማብዛት ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። በመሐሉ ላይ አምስተኛ ብሎን ብንጨምር ቀጥተኛው ድርሻ ወደ 200 ይወርዳል፤ ማዕከሉ ላይ ያለ ብሎን ግን ማዞሩን በምንም አያግዝም። በቀኝ ያሉት ከ922 ወደ 885 ብቻ ይወርዳሉ። በአንጻሩ እነዚያኑ አራት ብሎኖች ወደ ላይ በ160 ፋንታ በ240 ሚሊ ሜትር ብናራርቃቸው የከፋው ብሎን 707 ኪሎ ይደርሰዋል። አንድም ብሎን ሳይገዛ ሩብ ሊሞላ የቀረበው ሸክም ተነሣለት፤ የብረቱ ቁመት ግን መጨመር አለበት። ሰንሰለቱን ወደ 600 ሚሊ ሜትር ማራቅ ደግሞ ነገሩን ክፉኛ ያበላሻል። ያን ጊዜ ከሁሉ የተጫነው ብሎን 1660 ኪሎ ይይዛል፤ ከተንጠለጠለው ዕቃ ሁሉ በላይ።

ከሚደጋገሙት ስሕተቶች ዋነኛው ርቀቱን ከምሰሶው ጠርዝ መለካት ነው። ጠርዙ ለዓይን ቅርብ፣ ለሜትርም ምቹ ነው፤ ብረቱ የሚዞረው ግን በብሎኖቹ ማዕከል ዙሪያ ነው። ምሰሶው ከማዕከሉ 100 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ቢያልፍና ሰውየው 300 በማለት ፋንታ 200 ብሎ ቢያሰላ፣ የከፋው ብሎን 680 ኪሎ የያዘ ይመስለዋል። የተተከለ ብራኬት ከሆነም ምልክት ይሰጣል። ብረቱ ጫፉ ላይ ዘንበል ብሎ፣ በዳዶዎቹ ዙሪያ ቀለሙ በቅስት ተሰነጣጥቆ፣ ቀዳዳዎቹ ከክብነት ወደ ሞላላነት ተለውጠው ከታዩ ሸክሙን አውርዶ ብሎኖቹን ማውጣት ያሻል። መጀመሪያ የሚታየውም በሸክሙ በኩል ያሉት ላይ ነው፤ ብሎኑ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ ደረጃ ተሰብሮ ይገኛል።

ስሌቱ የራሱ ግምቶች አሉት። ጠፍጣፋው ብረት ራሱ አይታጠፍም፣ ብሎኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁሉም እኩል ቀዳዳቸውን ነክተዋል ይላል። በእውኑ ሥራ ላይ ቀዳዳው ከብሎኑ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ይነካል፣ ሌላው ይዘገያል። ለስለስ ያለ ብሎን ትንሽ ተበላሽቶ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል። ክራውፎርድና ኩላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ይህንን መተጋገዝ ከስሌቱ ጋር የሚያስገባ ዘዴ አሳትመዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከእኛ ስሌት ከፍ ያለ አቅም ያሳያል፣ ተራው ሒሳብ ግን በወረቀት ለመሥራት ቀላል፣ ለጥንቃቄም ያደላ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁለቱም ዘዴዎች አይመለከቱም። እስካሁን የተናገርነው ብረቱ በምሰሶው ፊት ላይ ተለጥፎ፣ ሸክሙም ከብረቱ ጋር በአንድ ጠለል ላይ ሲሆን ነው። እንደ መደርደሪያ ከግድግዳ ወደ ፊት የሚወጣ ብራኬት ግን ብሎኖቹን አያዞርባቸውም። ላይኛዎቹን ከግድግዳው ነቅሎ ለማውጣት ይስባል፣ ታችኛው ጠርዙ ደግሞ ግድግዳውን ይጫናል። እዚያ የከፋው ብሎን ላይኛው ነው፤ የሚፈተሸውም ከመቆረጡ በተጨማሪ ለመሳብ ባለው አቅም ነው።