ጉዳት ይወገድ፤ ግን የማን ጉዳት?

አንድ ሰው ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዞ ዳቦ መጋገሪያ ሠራ እንበል። ምድጃው በነደደ ቁጥር ጭሱ ወደ ጎረቤት ቤት እየገባ ቤተሰቡ መቀመጫ አጣ፤ ነገሩም ቃዲ ፊት ቀረበ። ጋጋሪው «በገዛ ቦታዬ ማን ይከለክለኛል?» ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ «እኔስ በገዛ ቤቴ ልታፈን?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር አንድ አጭር መርሕ አላቸው፦ ጉዳት ይወገዳል። መሠረቱ ማንም ሰው ጉዳት እንዳያደርስ፣ ጉዳትንም በጉዳት እንዳይመልስ የሚከለክለው የነቢዩ ሙሐመድ ቃል ነው። ሌሎች አራት ታላላቅ መርሆችም አብረውት ይቆጠራሉ፦ ሥራ በሐሳቡ ይመዘናል፤ እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም፤ ችግር መላን ያመጣል፤ ልማድ ዳኛ ነው። በ1505 እ.ኤ.አ. ያረፈው የካይሮው ሊቅ አስ-ሱዩጢ በእነዚህና በሌሎች መርሆች ላይ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። ስለ ሐበሾች ክብር ለብቻው መጽሐፍ የጻፈውም ይኸው ሰው ነው።

መርሆቹ እንደ አዋጅ በቁጥር ተደርድረው የወጡት ግን ብዙ ቆይቶ፣ በኦቶማን መንግሥት ዘመን ነው። በአሕመድ ጀውደት ፓሻ የሚመራ ኮሚቴ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት መጀላ የተባለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1851 አንቀጾች አዘጋጀ። መግቢያው ላይ 99 መርሆች ሰፍረዋል። ኮሚቴው አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፦ ዳኛ ጉዳዩን የሚመለከት ግልጽ ድንጋጌ ሳያገኝ በመርሕ ብቻ አይፈርድም። ምክንያቱ ጋጋሪው ላይ ይታያል። «ጉዳት ይወገዳል» የሚለውን ብቻ ይዞ የተነሣ ዳኛ ምድጃውን ቢያስፈርስ ጋጋሪው ይጎዳል፤ ቢተወው ጎረቤቱ ይጎዳል። መርሑ ለሁለቱም ይሠራልና ለማንም አይፈርድም። ስለዚህ ዳኛው በሌሎች ጥያቄዎች በኩል ማለፍ አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጉዳቱ መጠን ነው። መነሻው ባለቤት በንብረቱ እንደ ፈቀደ መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ይህን የሚገድበው ማንኛውም ቅሬታ ሳይሆን ከልክ ያለፈ ጉዳት ብቻ ነው። ከልክ አለፈ የሚባለውም ሕንፃውን የሚያናጋ ወይም ቤቱ የተሠራበትን ዋና ጥቅም፣ ለምሳሌ መኖሪያነቱን፣ የሚያሳጣ ሲሆን ነው። አንጥረኛ መዶሻው ግድግዳ የሚያናጋ ከሆነ፣ ጋጋሪም ጭሱ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ከሆነ ከዚህ ይገባል። ከቤት አጠገብ አዲስ አውድማ ተዘጋጅቶ የእብቁ ብናኝ አላስቀምጥ ካለም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ከነባር አውድማ አጠገብ ረጅም ቤት ሠርቶ ንፋሱን መጋረድም ከልክ ያለፈ ጉዳት ነው፤ ያለ ንፋስ ምርት አይበራይምና።

የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይከለክላል፤ ልኩን ግን በአብዛኛው ለአካባቢው ልማድ ይተወዋል። መጀላ ልኩን ራሱ ያሳያል። ጎረቤት ሕንፃውን ከፍ አድርጎ መልካም እይታን ቢጋርድ ወይም ፀሐይ ቢከለክል ጉዳቱ ከልክ አላለፈም። አንድ መስኮት ብቻ ያለውን ክፍል ጽሕፈት እስከማይነበብበት ድረስ ካጨለመው ግን አልፏል። «ከበሩ በኩል ብርሃን ይግባልህ» ተብሎም አይመለስለትም፤ በር በብርድ ጊዜ ይዘጋልና። ክፍሉ ሁለት መስኮት ኖሮት አንዱ ብቻ ከተጋረደ ግን ክሱ አይቆምም። እኔ በበኩሌ ከብዙ ገጽ ትርጓሜ ይልቅ ይህን የንባብ ፈተና እመርጣለሁ፤ ዳኛው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሊሞክረው ይችላል።

የጋጋሪያችን ጭስ ቤተሰቡን ማስወጣቱ ተረጋገጠ እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ ማን ቀደመ የሚለው ነው። መጋገሪያው ቀድሞ የነበረ፣ ቤቱ ግን ትናንት ከጎኑ የተሠራ ከሆነ መልሱ ይገለበጣል። መጀላ ይህን በአንጥረኛ ምሳሌ ያስረዳል፦ ከአንጥረኛ ሱቅ አጠገብ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መዶሻው ረበሸኝ ብሎ ሥራውን ሊያስቆም አይችልም። ዐውቆ የመጣበትን ጉዳት ራሱ ይከላከል። ከዚህ በስተጀርባ ያለው መርሕ ነባር ነገር እንደ ነበረ ይቆያል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ግን ሕጉ ራሱን በራሱ ይቃወማል። ነባር እንደ ነበረ ይቆያል የሚለው ስድስተኛው አንቀጽ ነው፤ ሰባተኛው ደግሞ ጉዳት በማርጀቱ መብት አይሆንም ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሆን ተብሎ ይመስለኛል። ከአንድ ቤት ወደ መንገድ የሚፈስ ቆሻሻ ፍሳሽ መቶ ዓመት ቢሞላውም አላፊ አግዳሚውን ከጎዳ ዕድሜው አያድነውም። ስለዚህ ቀድሞ መምጣት የሚያዋጣው በሕጋዊ መንገድ ለተጀመረ ሥራ ነው፤ እሱም ከአዲስ መጤ ጎረቤት ጋር ሲሆን። የሕዝብን መንገድ ለሚጎዳ ነገር አያዋጣም።

አሁን መጋገሪያው አዲስ፣ ጉዳቱም ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኘ እንበል። የቀረው ጥያቄ በምን ይወገድ የሚለው ነው። ጉዳት በእኩያው ጉዳት አይወገድም፤ በተቻለ መጠን ይመለሳል እንጂ። ይህ የሚበራው በመስኮት ጉዳይ ነው። አዲስ መስኮት የጎረቤትን ግቢ፣ ሴቶች የሚውሉበትን ማጀትና የውኃ ጉድጓድ የሚያሳይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ጉዳት ነው። ባለመስኮቱ ግን መስኮቱን ድፈን ተብሎ አይገደድም። እይታውን የሚከልል ግንብ ወይም የእንጨት መከለያ ቢሠራ ይበቃዋል። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ከሆነም «መሰላል አቁሞ ሊያየን ይችላል» የሚል ክስ አይሰማም፤ እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስምና። በዚሁ መንገድ ካሰብን ጭስ ማውጫውን ከፍ ማድረግ ጭሱን ከቤቱ የሚያርቀው ከሆነ ምድጃውን ማፍረስ ምን ያስፈልጋል? መፍረስ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። የጉድጓድ ውኃን የሚበክል ፍሳሽ ላይም ሕጉ እንዲሁ ያዛል፤ ብክለቱን ማስቆም ካልተቻለ ብቻ የፍሳሹ ጉድጓድ ይደፈናል።

ሚዛኑ የሚለወጠው ከአንዱ ጎረቤት ፈንታ ብዙ ሕዝብ ሲቆም ነው። ብዙዎችን ከሚነካ ጉዳት ለመዳን የአንድ ሰው ጉዳት ይቻላል፤ ከሁለት ክፉም ቀላሉ ይመረጣል። ኢስታንቡል ቤቶቿ አብዛኞቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ እሳት ሰፈር ሰፈሩን የሚበላት ከተማ ነበረች። እሳቱን ለማስቆም አንዱ መንገድ ገና ያልተያያዘውን ቤት አፍርሶ መንገድ ማቋረጥ ነበር። መጀላ ይህን በአንቀጽ 919 ይደነግጋል። ያፈረሰው በባለሥልጣን ትእዛዝ ከሆነ ካሣ አይከፍልም። በገዛ ራሱ ሐሳብ ከሆነ ግን እሳቱ እዚያው ቢቆምም የቤቱን ዋጋ ይከፍላል፤ ችግር የሌላውን ሰው መብት አይሽርምና። በረሃብ ሊሞት ሲል የሰው ዳቦ አንሥቶ የበላ ሰውም በመብላቱ አይወቀስም፤ የዳቦውን ዋጋ ግን ለባለቤቱ ይከፍላል።