ትርፉን ይዞ መቅረት የማይችል አከራይ

እ.ኤ.አ. በ1969 ዊሊያም እና ጆአን ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት በካሊፎርኒያ ታኮ ቤል የተባለው ምግብ ቤት የሚሠራበትን ሕንፃ ገዙ። ምግብ የመሸጥ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሕንፃውን አከራይተው ወር በወር ኪራይ መሰብሰብ ነበር የፈለጉት። ያ ጅምር ዛሬ ሪያልቲ ኢንካም የሚባል ኩባንያ ሆኗል። ከ15 ሺህ በላይ ሕንፃዎች አሉት፤ አክሲዮኑ ከ1994 ጀምሮ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሸጣል፤ ለባለአክሲዮኖቹም በየወሩ የትርፍ ድርሻ ይከፍላል።

እንዲህ ያለው ድርጅት የሪል እስቴት ኢንቨስትመንት ትረስት ይባላል፤ በአጭሩ ሪት። አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙ ሰው አክሲዮን ይገዛል፣ በተሰበሰበው ገንዘብና በብድር ሕንፃ ይገዛል፣ ኪራዩ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ለየአክሲዮኑ ይከፋፈላል። በሪያልቲ ኢንካም ዘንድ አብዛኛው ተከራይ የሕንፃውን ግብር፣ መድንና ጥገና ጭምር ራሱ ስለሚሸፍን ወደ ቋቱ የሚገባው ኪራይ ብዙ አይነካም። አንድ ሱቅ ባዶ ቢሆን የሺዎቹ ኪራይ ይደግፈዋል። ገንዘቡን የፈለገ ባለአክሲዮንም ሕንፃ እስኪሸጥ ሳይጠብቅ አክሲዮኑን ገበያ ላይ ይሸጣል።

ታዲያ ትርፉን ለምን ያከፋፍላሉ? ከደግነት አይደለም፤ ከመንግሥት ጋር የተገባ ውል ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1960 ባወጣው ሕግ ተራው ሰውም ከትልልቅ ሕንፃዎች ኪራይ እንዲካፈል መንገድ ከፈተ። ሪት መባል የሚፈልግ ኩባንያ ቢያንስ 100 ባለአክሲዮኖች ሊኖሩት፣ ቢያንስ 75 በመቶው ሀብቱና ገቢው ከሪል እስቴት ጋር የተያያዘ ሊሆን፣ ግብር ከሚታሰብበት ትርፉም ቢያንስ 90 በመቶውን ሊያከፋፍል ይገባል። በምላሹ ባከፋፈለው ትርፍ ላይ የኩባንያ ግብር አይከፍልም።

በቁጥር እንየው። አንድ ሪት በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ሰበሰበ እንበል። ለሥራ ማስኬጃ 3 ሚሊዮን፣ ለባንክ ወለድ 2 ሚሊዮን ከፈለ። ለሕንፃዎቹ የእርጅና ቅናሽ ደግሞ 2 ሚሊዮን መዝገብ ላይ ያዘ። ግብር የሚታሰብበት ትርፍ 3 ሚሊዮን ሆነ። ተራ ኩባንያ ቢሆን ከዚህ ላይ 21 በመቶ፣ ማለትም 630 ሺህ ዶላር፣ ለፌዴራል መንግሥት ከፍሎ የተረፈውን ነበር ለባለቤቶቹ የሚሰጠው፤ እነሱም እንደገና ግብር ይከፍሉበታል። ሪቱ 3 ሚሊዮኑን በሙሉ ካከፋፈለ ግን በኩባንያ ደረጃ የሚከፍለው ግብር የለም። 90 በመቶ ብቻ አከፋፍሎ 300 ሺህ ቢያስቀር፣ በዚያ በቀረው ላይ ይገብራል። ብዙዎቹ ትርፋቸውን ሙሉ ለሙሉ የሚያከፋፍሉት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር እዚህ ላይ አለ። የእርጅና ቅናሹ 2 ሚሊዮን ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ሕጉ የንግድ ሕንፃ በ39 ዓመት፣ መኖሪያ ቤት በ27 ዓመት ተኩል ዋጋውን እንደሚጨርስ ቆጥሮ በየዓመቱ ከትርፍ ላይ ያስቀንሳል፤ ሕንፃው ግን ቆሞ ኪራይ ያስገባል። ስለዚህ በምሳሌያችን ሪት እጅ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ 3 ሳይሆን 5 ሚሊዮን ነው። ሪት ሲመዘን የእርጅና ቅናሹን መልሶ የሚደምር ስሌት የሚሠራውም ስለዚህ ነው። የትርፍ ድርሻው በመዝገብ ከሚታየው ትርፍ ቢበልጥ ወዲያው ችግር ነው ማለት አይደለም። ከእውነተኛው ጥሬ ገንዘብ ከበለጠ ግን ክፍያው የሚቀነስበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ደካማ ጎኑም ከዚሁ ውል ይመነጫል። ትርፉን የሚያከፋፍል ድርጅት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ትንሽ ነው፤ ለማደግም ሆነ የቆየ ዕዳ ለመዝጋት አዲስ አክሲዮን መሸጥ ወይም እንደገና መበደር አለበት። ከአሜሪካ ትልልቅ የገበያ ማዕከል ባለቤቶች አንዱ የነበረው ጄኔራል ግሮውዝ ፕሮፐርቲስ ኤፕሪል 2009 ላይ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ያመለከተው ተከራይ አጥቶ አልነበረም። ማዕከሎቹ ኪራይ እያስገቡ ነበር፤ ነገር ግን የብድሮቹ መክፈያ ቀን የደረሰው ባንኮች ማበደር ባቆሙበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የሪት ዓመታዊ ሪፖርት ሲገለጥ ከትርፍ ድርሻው መጠን በፊት ብድሮቹ በየትኛው ዓመት እንደሚደርሱ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እፈልጋለሁ። ብዙው ዕዳ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ የሚደርስ ከሆነ፣ የሚከፈለው ድርሻ ማማሩ አያስተማምንም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በመሥሪያ ቤታቸው የጡረታ ቁጠባ በኩል ሳያውቁት የሪት ባለድርሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጠቅላላውን የአክሲዮን ገበያ የሚገዙ ፈንዶች ሪቶችንም ይይዛሉ። በቀጥታ ለሚገዛ ሰው ግን ግብሩ ወደ ራሱ እንደዞረ ማወቅ ይገባል። ኩባንያው ስላልገበረ፣ የሪት ድርሻ በአብዛኛው ዝቅ ያለው የትርፍ ድርሻ ግብር አይደርሰውም፤ እንደ ደሞዝ ከመደበኛ ገቢ ጋር ተደምሮ ይገበርበታል። አሁን ባለው ሕግ ከድርሻው 20 በመቶው ከግብር ስሌት ሊቀነስ ይችላል። በጡረታ ሒሳብ ውስጥ የተያዘ ሪት ድርሻ ሲከፍል ግን በዚያው ዓመት ግብር ስለማይጠየቅበት፣ ብዙዎች ሪትን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው።