ባለ ካርዷን ለልጅቷ ስጫት

ይህችን ንግግር የሰማኋት ከመጋረጃው ጀርባ ፎጣ ሳጣጥፍ ነው። አንዷ ሠራተኛዬ ለሌላዋ "ባለ ካርዷን ለልጅቷ ስጫት" አለቻት። ልጅቷ ገና ፀጉር ማጠብ የምትለማመደው ናት። ባለ ካርዷ ደግሞ 2,000 ብር አስቀድማ ከፍላ የስድስት ጊዜ ፓኬጅ የገዛች፣ ያን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ የመጣች ደንበኛ። መታጠቢያው ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ተቀምጣለች፤ ሰምታለች። ምንም አላለችም። ፔስትራዋን ተሠርታ፣ አመስግና ወጣች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ፀጉር ቤት ያላችሁ እህቶች ስለ ፓኬጅ በውስጥ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ የእኔን ሒሳብ ከነስህተቱ ልንገራችሁ።

እኔ ጋ መታጠብና ፔስትራ 400 ብር ነው። ከዚህ ላይ ፀጉር ሠሪዋ 30 ፐርሰንቷን፣ 120 ብር ትወስዳለች። ሻምፖ፣ ኮንዲሽነርና መብራት 60 ብር ይበላሉ። ለኪራይና ለእኔ 220 ብር ይቀራል። ፓኬጁ አምስቱን ከፍለሽ ስድስተኛው በነጻ ስለሆነ፣ ከስድስቱ ዙር የሚቀረኝ ከ1,320 ወደ 920 ብር ይወርዳል። የጎደለው 400 ብር በሙሉ የእኔ ነው፤ ሻምፖው ለፓኬጅ ብሎ አይረክስም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ለማን ይሸጣል የሚለው ነው። በሦስት ወር ሦስቴ ብቻ የምትመጣ ሴት 660 ብር ታስቀርልኛለች። እሷ ፓኬጅ ገዝታ በዚያው ጊዜ ስድስቴ ከመጣች 920 ሆነ፣ ተጠቀምኩ። በየሁለት ሳምንቱ ሳትቀር የምትመጣው ግን ያለ ፓኬጅም 1,320 ታስቀርልኝ ነበር። ለእሷ መሸጥ 400 ብር አውጥቶ መስጠት ነው። እኔ መጀመሪያ የሸጥኩት ለነማን ይመስላችኋል? ለመጠየቅ ስለማይከብዱኝ፣ ለእነዚሁ ለቋሚዎቹ!

አዲስ ደንበኛን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን 2,000 ብር አምጪ አይባልም። ፔስትራው ስንት ቀን እንደሚቆይላት እንኳ ገና አላየችም። ለእሷ የምሰጣት የማኅተም ካርድ ነው። ኑነስና ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ መኪና እጥበት ያደረጉትን ሙከራ በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለግማሾቹ ደንበኞች ስምንት ባዶ ሳጥን ያለው ካርድ፣ ለግማሾቹ ደግሞ አሥር ሳጥን ኖሮት ሁለቱ አስቀድመው የተመቱበት ካርድ ሰጡ። ሁሉም የሚቀራቸው ስምንት እጥበት ነው። ካርዱን የጨረሱት ግን ከመጀመሪያዎቹ 19፣ ከሁለተኛዎቹ 34 ፐርሰንት ነበሩ። እኔም ለአዲስ ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን ሁለት እመታላታለሁ፤ አንዱ የዕለቱ፣ አንዱ የስጦታ። ፓኬጅ የማነሳላት ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ነው፤ ያኔ የመምጫዋን ርቀት ከደብተሬ አውቀዋለሁ። ካርድ ይጠፋል፣ ማኅተምም በማንም ይቀረጻል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዙር በስልክ ቁጥሯ ስር ደብተር ላይም እጽፋለሁ።

ሌላው ጥፋቴ ብሩን ገቢ አድርጌ ማየቴ ነው። ለእንቁጣጣሽ 14 ፓኬጅ ሸጬ 28,000 ብር ሰበሰብኩና አዲስ ካስክ ገዛሁበት። በመጀመሪያው ዙር እቁብ ደርሶት እንደሚያጠፋ ሰው ነው የሆንኩት፤ ብሩ አልቆ ዕዳው ይቀጥላል። በጥቅምት ወንበሩ ሙሉ፣ መሳቢያው ባዶ። 84 ዙር ሥራ አለብኝ፤ የሠራተኛ ፐርሰንት ግን ማታ ማታ በጥሬው ይከፈላል። አሁን የፓኬጅ ብር ለብቻው አካውንት ይገባል፤ ደንበኛዋ በመጣች ቁጥር 333 ብር ብቻ ከዚያ አወጣለሁ። ዕቃ ስለሚወደድም ፓኬጁ የሚያገለግለው ሦስት ወር ነው፤ ቀኑ ካርዱ ላይ ይጻፋል። በበዓል ዋዜማ አይሠራም። ያን ቀን ቢጎዲን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆማ ወረፋ የምትጠብቅ ሞልታለች፤ ይህንን ግን ስትገዛ ነው መንገር፣ በዋዜማው ዕለት ከነገርሽ ጠብ ነው።

ወደዚያች ደንበኛ ልመለስ። ያ ነገር የተባለው ሠራተኛዬ ክፉ ሆና አይደለም። ያኔ ፐርሰንቷን የማስበው ከ400 ሳይሆን ከ333 ብር ስለነበር በባለ ካርድ የምታገኘው 100 ብር ነው። ለደንበኛ ቅናሽ ያደረግሁት እኔ፣ ከፋይዋ እሷ። ባለ ካርድና ከፋይ ሁለት ሴቶች አብረው ቢመጡ የትኛዋን እንደምትመርጥ ግልጽ ነው። አሁን ስድስተኛውን ጨምሮ ከሙሉው ዋጋ 120 ብሯን ያው ማታ ትቀበላለች፤ ከላይ ያለውን 920 ያሰላሁትም በዚህ ነው። ባለ ካርድ ለልጅቷ መስጠት ቀርቷል።

ለደንበኛዋ ሁለቴ ደወልኩላት። በሁለቱም ጊዜ በትሕትና "እሺ፣ እመጣለሁ" አለችኝ። ሦስት ወሯ ካለፈ ቆይቷል፤ ሦስት ባዶ ሳጥን ያለበትን ገጿን ግን እስካሁን አልሰረዝኩትም።