የፊት ቀዳዳ በእንፋሎት ይከፈታል? በበረዶስ ይዘጋል?

ፎጣ ተከናንቦ በሙቅ ውሃ መታጠን፣ ከዚያም ፊትን በበረዶ ማሸት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። እንፋሎቱ ቀዳዳውን ይከፍተዋል፣ በረዶው ይዘጋዋል ይባላል። የፊት ቀዳዳ ግን እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ጡንቻም የለውም። ከቆዳ ሥር ያለው እጢ ወዝ የሚያወጣበት የፀጉር ጉድጓድ አፍ ነው። እንፋሎት የረጋውን ወዝ ያለሰልሳል፣ በረዶ ቆዳውን ለጥቂት ደቂቃ ያኮማትራል፤ ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። የእንቁላል ነጭም ሲደርቅ ቆዳውን ወጠር ያደርጋል፣ ሲታጠቡት ግን ውጤቱ አብሮ ይሄዳል።

የቀዳዳው መጠን በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። ሰፍቶ የሚታየው ግን ወዝና የሞተ ቆዳ ሲሞሉት፣ ወይም በዕድሜና በፀሐይ ብዛት ዙሪያው ያለው ቆዳ ሲላላ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ምክር ስንሰማ፣ ከእነዚህ አንዱን ይለውጣል ወይ ብለን እንጠይቅ።

አፍንጫ ላይ ተመሳሳይ ርቀት ይዘው የሚታዩት ግራጫ ነጠብጣቦች ቆሻሻ አይደሉም። ቀዳዳውን የሚሞላው የተለመደ ወዝ ናቸው። በሚለጠፍ ፕላስተር ቢነቀሉም በሳምንታት ውስጥ ተመልሰው ይሞላሉ። ጥቁር ራስ ያለው ብጉርም ቢሆን የጠቆረው አየር ስላገኘውና የቆዳ ቀለም ስላለበት ነው፤ በሻካራ ነገር ቢፈትጉት አይጠራም። ሎሚ መቀባት ደግሞ ጉዳት አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊያቃጥልና ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል።

በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣው ምንድን ነው? ፊቷ ወዛም የሆነ የ28 ዓመት ሴት እንውሰድ። ማታ በለስላሳ ሳሙና ታጥባ ፊቷ ሲደርቅ፣ በአተር ፍሬ ልክ 0.1 በመቶ አዳፓሊን ጄል ፊቷን በሙሉ ትቀባለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስት ቀኑ፣ ቆዳዋ ሲለምደው በየማታው ታደርገዋለች። መድኃኒቱ የሞተው ቆዳ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መድረቅና መላጥ የተለመደ ነው፤ ቢያቃጥላት ግን ቀኑን ታራርቃለች። ጠዋት የመከላከል አቅሙ (ኤስፒኤፍ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ትቀባለች። እርጉዝ ከሆነች ወይም ለማርገዝ ካሰበች ግን አዳፓሊንን አትጠቀምም። ይህን ለማይችሉ ሰዎች 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት መታጠቢያ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ በቅባት ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። እርጉዞች ግን ይህንንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙ።

ውጤቱ የሚለካው በ12ኛው ሳምንት ገደማ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን በማነጻጸር ነው። ቀዳዳዎቹ ያነሱ መስለው ይታያሉ እንጂ አይጠፉም፤ መድኃኒቱ ሲቆምም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው መልክ ይመለሳሉ። ሌዘር የሚያስቡ ደግሞ አስቀድመው ጥቁር ቆዳን የማከም ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪም ያማክሩ፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ሌዘር ጥቁር ምልክት የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።