ሰንጥቀን ያየነው ኤልቦ

አዲስ የተገጠመ የፒቪሲ ኤልቦ ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙ ሰው የማጣበቂያውን ቆርቆሮ ከፍቶ በመጋጠሚያው ዙሪያ ከውጭ ደራርቦ ይቀባል። ጠብታው ጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ውሃው በግፊት ሲመጣ ግን ይመለሳል። ችግሩ የቀቢው አይደለም። ውሃው ከውስጥ እየገፋ ነው፣ ከላይ የተቀባው ደግሞ እርጥብ ፕላስቲክ ላይ ያረፈ ስስ ቅርፊት ብቻ ነው።

የፒቪሲ ማጣበቂያ እንደ ማስትሽ አይደለም። ማስትሽ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ ያያይዛቸዋል። የፒቪሲው ግን በኃይለኛ ማሟሟቻ ውስጥ የሟሟ ፒቪሲ ነው፤ የቱቦውንና የመገጣጠሚያውን ገጽ ያለሰልሳል፣ ሁለቱ ገና ለስላሳ እንደሆኑ ተጨምቀው ሲገናኙ አንዱ ከሌላው ይዋሃዳል፣ ማሟሟቻው ቀስ እያለ ሲተንም አንድ አካል ሆነው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ደህና የተያያዘ መጋጠሚያ በእጅ ተጎትቶ አይለያይም። በዚሁ ምክንያት ማጣበቂያው ሙቅ ውሃ በሚያልፍበት ነጭ ወይም አረንጓዴ ፒፒአር ላይ፣ እንዲሁም በጥቁሩ የፖሊኢትሊን ቱቦ ላይ አይሠራም፤ እነሱን ማሟሟት ስለማይችል። እነሱ የሚያያዙት በሙቀት ወይም በሚጠብቅ መገጣጠሚያ ነው።

እንግዲህ ያንጠባጠበውን ኤልቦ ቱቦው እንደገባበት ቆርጠን እናውጣና በሴጌቶ በርዝመቱ እንሰንጥቀው። ምክንያቱን ከመገመት ማየት ይሻላል፤ ተቆርጦ የወጣ መገጣጠሚያ መቼም እንደገና አያገለግልም።

መጀመሪያ የሚታየው ቱቦው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ነው። በሚሊሜትር በሚለካው ዓይነት የ32 ሚሊሜትር መገጣጠሚያ ጉድጓድ 22 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ቱቦው 12 ወይም 15 ሚሊሜትር ላይ ከቆመ መያዝ ከነበረበት ገጽ ብዙው አልተያያዘም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሠራተኛው ቱቦውን ከተጫነ በኋላ ቶሎ ስለለቀቀው ነው። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ትንሽ ስለሚጠብ ለስላሳው ቱቦ ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከመቀባት በፊት የጥልቀቱን ልክ ቱቦው ላይ በእርሳስ ማስመር ይህን በዓይን የሚታይ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የገጹን መልክ እንመልከት። በደንብ የተያያዘው ስፍራ ቱቦው የት እንዳለቀ ኤልቦው የት እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። ያልተያያዘው ግን የሚያብለጨልጭ ፋብሪካ ገጹን እንደያዘ ነው፤ አንዳንዴ በቱቦው ላይ የታተመው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። እዚያ ቦታ ወይ ማጣበቂያ አልደረሰም ወይ አቧራ፣ ቅባት ወይም ውሃ ከልክሎታል። ከግንባታ ቦታ የተነሳ ቱቦ ሲሚንቶና አፈር ይዞ ይመጣል፤ በሱሪ ጠረግ ማድረግ አይበቃም። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታውን ማጥፋት፣ ከዚያም ለፒቪሲ ተብሎ በሚሸጥ ማጽጃ ማበስ ያስፈልጋል። በጋዝ ወይም በናፍታ ማበስ ግን ቅባት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በጉድጓዱ ጫፍ የማጣበቂያ እብጠት ተጠራቅሞ፣ በቱቦው ርዝመት ደግሞ የተቦጨረ መስመር ካለ ጥፋተኛው የመጋዝ ቆሻሻ ነው። በሴጌቶ የተቆረጠ ቱቦ ጠርዙ ላይ ሸካራ ፍቅፋቂ ይተዋል፤ ቱቦው ሲገባ ይህ ፍቅፋቂ ማጣበቂያውን እየጠረገ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ከኋላው ለውሃ ቀጭን መንገድ ይቀራል። ስለዚህ ጠርዙ ከውስጥም ከውጭም በሞረድ መለስለስ፣ ከውጭ ደግሞ ትንሽ መሾል አለበት። ያበጠው ማጣበቂያም ራሱ ሥጋት ነው፤ እዚያ የተጠራቀመው ማሟሟቻ ቱቦውን እያለሰለሰ ያደክመዋል። ጉድጓዱን ስስ፣ ቱቦውን ደግሞ በርከት አድርጎ መቀባት የሚመከረው ለዚህ ነው።

አንድ ቀላል የሚመስል ችግር ደግሞ ከሱቅ አብሮ ይመጣል። በውጪ ልኩ 32 ሚሊሜትር የሆነውም፣ 33 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ የሆነውም ቱቦ «አንድ ኢንች» ሊባል ይችላል። ትንሹን ቱቦ ለትልቁ በተሠራ መገጣጠሚያ ውስጥ ስናስገባው ይወዛወዛል፤ ምንም ያህል ቢቀባ ክፍተቱን ማጣበቂያ አይሞላውም። ሳይቀባ በደረቁ ሞክሩት፤ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት።

የአቅጣጫው ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል፣ ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ኤልቦው ከተቀባና ከገባ በኋላ «ትንሽ ወደ ግራ» ተብሎ መጠምዘዝ የለበትም። በትንሹ ቱቦ መያያዙ የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥምዘዛ ገና እየተፈጠረ ያለውን ትስስር ይሰብረዋል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። መፍትሔው መስመሩን በደረቁ ገጣጥሞ ቱቦውንና ኤልቦውን የሚያቋርጥ አንድ የእርሳስ መስመር ማስመር ነው። ከተቀባ በኋላ ኤልቦው ሩብ ዙር ያህል ዘወር ብሎ ይገባል፣ ወዲያውኑ መስመሮቹ እስኪገናኙ ይዞራል፤ ይህ ዙር ማጣበቂያውንም ያዳርሳል። ሁለቱ ቱቦዎች ቀጥ ብለው ካልተገናኙ ደግሞ በጉልበት ጎትቶ ማጣበቅ መጋጠሚያው ዕድሜውን ሁሉ እንዲጎተት መፍረድ ነው። ከግድግዳው የያዛቸውን ማሰሪያ ፈትቶ ማስተካከል ይሻላል።

አሁን ወደ ጥገናው እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ 32 ሚሊሜትሩ ኤልቦ ተቆርጦ ወጥቷል እንበል፤ ውሃው ሌሊት ይመጣል። አጣዳፊው ነገር ማጣበቅ ይመስላል፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ መስመሩን ማድረቅ ነው እላለሁ። ከላይኛው ቱቦ ጠብ የምትል ውሃ ማጣበቂያውን ታበላሸዋለች። ቫልቩ ይዘጋ፣ በታች ያለው ቧንቧ ተከፍቶ መስመሩ ይራገፍ፣ ጫፎቹ በጨርቅ ይድረቁ። በመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ቱቦዎቹን ማራራቅ ካልተቻለ በክር የሚፈታ ዩኒየን ማስገባት ነው።

ከዚያ ጥበቃው ይመጣል። የአንዳንድ ማጣበቂያ ሠንጠረዥ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቱቦ በሞቃት አየር 15 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ባር ግፊት 1 ሰዓት ይላል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል። የክረምት እርጥበትና የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ጊዜውን ያራዝማሉ፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን በግማሽ ጨምሩ ይባላል። የሚቻል ከሆነ 24 ሰዓት መተው ነው። ስለዚህ በእኛ ምሳሌ ወደ ኤልቦው የሚወስደው ቫልቭ ለዚያች ሌሊት እንደተዘጋ ይቆይ፤ ውሃው ከቫልቩ በፊት ካለው ቧንቧ በባልዲ ይቀዳ።

በማግስቱ ቫልቩ በአንዴ አይከፈትም። አየሩ እንዲወጣ ከላይ ያለው ቧንቧ ክፍት ሆኖ ውሃው በቀስታ ይሞላል፤ ከዚያ ሁሉም ተዘግቶ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ይጠመጠማል። ከሰዓታት በኋላ ሶፍቱ የረጠበው የት እንደሆነ ቀዳዳውን ያሳያል። በኮምፕረሰር አየር መፈተሽ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ውስጡ የታመቀ አየር ያለበት ፒቪሲ ሲሰበር ፍንጣሪው ሰው ይጎዳል።