የሠራተኛ ቅነሳ ሲነገር ማን አስቀድሞ ይስማ?

የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው፤ አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን ለመቀነስ ከወሰነ በኋላ ውሳኔው በምን ቅደም ተከተል ይነገር የሚል ነው። ቅነሳው ተገቢ ነበር ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ በደብዳቤ ማሳወቁ በመገናኛ ብዙኃን ተዘግቧል። ገንዘቡ የቆመው በድንገት ስለ ነበር በሚኒስቴሩ መፍረድ አልሻም። እኔን የሚያሳስበኝ የእንዲህ ያለ ደብዳቤ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያና በወረዳ ጽሕፈት ቤት አልፎ፣ ኮላ ድባን በመሰለ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወርዳል። በየደረጃው መዝገብ ቤት ይከፍተዋል፤ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የተዘረዘረው ክፍል ሁሉ ያነበዋል። ባለጉዳዩ ግን የመጨረሻው አንባቢ ይሆናል።

በአገራችን የክፉ ወሬ አነጋገር ሥርዓት የሌለው አይደለም። መርዶ ሲነገር ጎረቤትና ዘመድ አስቀድሞ ይሰማል፤ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ይነግራል፤ ነግሮም አይሄድም። ከዚህ የምንወስደው አለ፤ ነጋሪው በአካል መገኘቱንና ከነገረ በኋላ መቆየቱን። የማንወስደው ደግሞ የጎረቤትን መቅደም ነው። በመርዶ ጎረቤት የሚቀድመው ሐዘንተኛውን ለመደገፍ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን ባልደረባ ቀድሞ ሲሰማ ባለጉዳዩ በቡና ሰዓት ከሰዎች ዐይን ላይ ያነበዋል። ቅደም ተከተሉ እንደ ተበላሸ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ኃላፊው ቢሮ ሲገባ ጥያቄውን ይዞ ከገባ ወሬው ቀድሞታል።

በምሳሌ ላስረዳ። ኮላ ድባ ውስጥ 40 ቋሚ ሠራተኞች ያሉት አንድ የግል ድርጅት አለ እንበል፤ ስምንቱን ሊቀንስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰዎችን የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ «የሠራተኛ ቅነሳ» ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውይይት ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ነው፤ የሚካሄደውም ስም ከመለየቱ በፊት መሆን አለበት። ሕጉ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው እንዲቆዩ ይፈልጋል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ የአገልግሎት ዘመናቸው አጭር የሆነ ቀድመው ይነካሉ፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ከመጨረሻዎቹ ናቸው። ዝርዝሩ አልቆ ከቀረበ ግን ምክክሩ ማስታወቂያ ሆኗል፤ ተወካዮችም ይህን ወዲያው ያውቁታል።

ስሙ ከተለየ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ጧት የቅርብ ኃላፊዎች ይሰማሉ። ቀጥሎ ስምንቱ፣ አንድ በአንድ፣ በቅርብ ኃላፊያቸው አንደበት። ሰላምታው በወጉ ይሁን፤ ግን የቤተሰብ ደኅንነት እየተጠየቀ ሩብ ሰዓት ከሄደ ሰውየው የተጠራበትን ይገምታል፤ ጭንቀቱም ይረዝማል። ከሰላምታ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውሳኔውን መያዝ ይኖርበታል፦ «የእርስዎ የሥራ መደብ ተሰርዟል፤ ውልዎ ከሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በኋላ ይቋረጣል።» ከዚያ ምክንያቱ፣ ከዚያ ዝምታ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ይዞ በዚያው በእጅ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ የሚቀሩት 32 ሠራተኞች ይሰበሰባሉ። ግልባጩ ከመዝገብ ቤት የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ግልባጩን የሚያስቀድመው በክፋት አይመስለኝም፤ ደብዳቤ ከተፈረመ በኋላ ማቆየትን ማን ያስታውሳል?

ስለ ድጋፍ ስናነሣ በገንዘቡ እንጀምር፤ ሰው ከድንጋጤው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያሰላው እሱን ነውና። ከስምንቱ አንዷ ስድስት ዓመት ያገለገለች መዝገብ ያዥ ናት፤ የቀን አማካይ ደመወዟ 300 ብር ነው። የጡረታ መብት የማታገኝ ከሆነ የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 9,000 ብር ነው። ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ 3,000 ብር፣ ይታከላል፤ ድምሩ 24,000 ይሆናል። ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 18,000 ብር፣ ይጨመርላታል። ጠቅላላው 42,000 ብር ነው። ይህ ስሌት በወረቀት ተጽፎ በዚያው ዕለት ቢሰጣት፣ ፋይናንስ ክፍል ደጃፍ ሄዳ ከመለመን ትድናለች። ውሉ ከተቋረጠ በኋላም ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ግን እስከዚያ ባይጠብቅና ሥራ መፈለግ በምትጀምርበት በማስጠንቀቂያው ጊዜ ቢሰጣት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ዋስትና። ሠራተኞች ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሲበደሩ እርስ በርስ ይዋሳሉ። መዝገብ ያዧ ብድር ካለባት፣ ደመወዟ ሲቆም ዕዳው ከሚቀረው ባልደረባዋ ደመወዝ ላይ ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ አሠሪው ከማኅበሩ ጋር ስለ አከፋፈሉ መነጋገር ያለበት ስሌቱ በሚሠራበት ሳምንት ነው፤ ዋሱም ከሰዓት በኋላ ከሚደረገው ስብሰባ በፊት ለብቻው ተጠርቶ ሊነገረው ይገባል።