የማመልከቻ ደብዳቤው ኢሜይሉ ላይ ይጻፍ ወይስ በአባሪ ይላክ?

ትምህርት ቤታችን በአንድ የክረምት ዕረፍት የሂሳብ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። «ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ በኢሜይል ይላክልን» ይል ነበር። ደብዳቤው በምን መልክ ይምጣ የሚለውን አልገለጽንም፤ ይህ የእኛ ጉድለት ነው። ማመልከቻዎቹ ሲመጡ ጸሐፊያችን የተያያዙትን ፋይሎች አንድ በአንድ አትማ፣ በየአመልካቹ ስም ማህደር አዘጋጅታ ለቅጥር ኮሚቴው ሰጠች። ከማህደሮቹ በአንዱ ውስጥ ሲቪና የዲግሪ ቅጂ ብቻ ነበር። የሌሎቹ ደብዳቤ ስለነበራቸው «ይህ ሰው ያልተሟላ ነው» ብለን ወደ ጎን አደረግነው።

ቅጥሩ ካለቀ በኋላ በሌላ ጉዳይ የኢሜይል ሳጥኑን ስፈትሽ የዚያን ሰው መልእክት ከፈትኩት። ደብዳቤውን ጽፎታል፤ የጻፈው ግን እዚያው ኢሜይሉ ላይ ነው። ልጆች ክፍልፋይ ሲደምሩ ለምን ታችኛውንም ቁጥር እንደሚደምሩ፣ እሱ ይህንን በምን ዓይነት ምሳሌ እንደሚያስተካክል በግልጽ ቋንቋ አስረድቷል። ኮሚቴው ይህን ቢያነብ ቢያንስ ለቃለ መጠይቅ እንጠራው ነበር። ጸሐፊዋን መውቀስ አይቻልም፤ የሚታተመው አባሪው ነው ብላ ነው የሠራችው፤ በብዙ ቢሮም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ጨርሰው የሄዱ ልጆቻችን ሥራ ሊያመለክቱ ሲሉ «ደብዳቤውን የት ላድርገው?» ብለው ሲጠይቁኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ኢሜይሉን ከፍቶ የሚያነበው ማነው? ከዚያስ ለማን ያስተላልፈዋል?» ብዬ ነው።

ወላጆች የድሮውን አሠራር ታስታውሳላችሁ። ማመልከቻችንን በእጃችን ጽፈን፣ ማስረጃውን አያይዘን፣ በፖስታ አሽገን መዝገብ ቤት እንወስድ ነበር። ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ያመለከትኩት ነው» ብለን ሁለት ቃል ተናግረን እንሰጣለን። ያ ንግግር እዚያው ይቀራል፤ ወደ ኃላፊው የሚሄደው ፖስታው ነው። ብዙ ሰው በሚሠራበት ቢሮ ኢሜይሉ ላይ የሚጻፈው ነገር እንደዚያ ንግግር ነው፤ አባሪው ደግሞ ፖስታው ነው። አባሪው በኮምፒውተር ይቀመጣል፣ ይታተማል፣ ለኮሚቴ ይታደላል። ኢሜይሉ ግን በከፈተው ሰው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ማስታወቂያው የሚፈለጉ ሰነዶችን ዘርዝሮ ደብዳቤውን ከሲቪ ጎን ከጠራው፣ በአባሪ ይሂድ። እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ የሚወጡ ማስታወቂያዎች `CV et lettre de motivation` ሲሉ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰነዶች እየጠየቁ ነው። አድራሻውም ይጠቁማል፤ በ`rh@` ወይም በ`recrutement@` የሚጀምር ከሆነ ተቀባዩ አንድ ሰው ሳይሆን ክፍል ነው።

በዚህ ጊዜ ኢሜይሉን ባዶ መተው አይገባም። ባዶ መልእክት ሦስት ፋይል ተሸክሞ ሲመጣ ተቀባዩ ቫይረስ ይሆን ብሎ ይጠራጠራል፤ እኔም ከማላውቀው ሰው የመጣ እንዲህ ያለ መልእክት ሳልከፍት የሰረዝኩበት ጊዜ አለ። የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦

«ለሂሳብ መምህርነት ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት የማመልከቻ ደብዳቤዬን፣ ሲቪዬንና የዲግሪዬን ቅጂ በሦስት አባሪ ልኬያለሁ። 7ኛና 8ኛ ክፍልን ለአራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ነዋሪነቴ ጅቡቲ ከተማ ነው። ከሰላምታ ጋር፣» ከዚያ ሙሉ ስምና ስልክ።

አባሪዎቹን ቆጥሮ መጥቀሱ አንዱ ሳይያያዝ ቢቀር ተቀባዩም ላኪውም እንዲያውቁት ይረዳል። ቀን፣ «ለ» እና «ጉዳዩ» ተብሎ የሚጻፈው ወግ፣ ፊርማም በተያያዘው ደብዳቤ ላይ ይሁኑ።

ሌላው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን በትራንዚት ሥራ የተሰማራ አነስተኛ ድርጅት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ከዘመድ ሰምቶ መጣ። ማስታወቂያ የለም፤ ያለው የባለቤቱ የግል ኢሜይል ብቻ ነው። ልጁ አንድ ገጽ ደብዳቤ በፒዲኤፍ አዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ወደብና ጉምሩክ ሲመላለስ የሚውል፣ ኢሜይሉን በስልኩ የሚያይ ሰው ነው። በትንሽ ስክሪን አንድ ገጽ ፒዲኤፍ እያሰፋና እየገፋ ያነባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ ደብዳቤውን በሦስት አጫጭር አንቀጾች አሳጥረን ኢሜይሉ ላይ ጻፍነው፤ የተያያዘው ሲቪው ብቻ ነው። አድራሻና «ጉዳዩ» የሚለውን አወጣነው፤ የእሱን ሥራ የኢሜይሉ ርእስ፣ ማለትም `Objet` የሚለው መስመር፣ ይሠራዋል። እዚያ `Candidature – agent de transit` ብለን ጻፍን። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጁ አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና አረብኛ እንደሚናገር ይገልጻል፤ ምክንያቱም ስልኩ መልእክቱ ሳይከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ቃላት ነው።

«ሁለቱም ቦታ ባደርገውስ?» የሚሉኝ አሉ። ሙሉውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መላክ አልወድም። አንባቢው አንድን ነገር ሁለቴ ሊያነብ ነው፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። አንድ አመልካች ኢሜይሉ ላይ ሂሳብ ብሎ፣ በአባሪው ለሌላ ትምህርት ቤት የጻፈውን የፊዚክስ ማመልከቻ ልኮልናል። ማስታወቂያው ግልጽ ካልሆነና መጠየቅ ካልተቻለ ደብዳቤውን አያይዞ ከላይ እንዳሳየሁት አጭር መልእክት መጻፍ ይሻላል። እንደዚያ ከሆነ ቢታተምም በስልክ ቢነበብም አንዱ ይደርሳል።

በአማርኛ ለሚያመለክት ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የአማርኛ ፎንቶች ግን ዛሬም በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛሉ። በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ቀድቶ ኢሜይሉ ላይ ሲለጠፍ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣል። የዎርድ ፋይሉን ቢልኩትም ፎንቱ በተቀባዩ ኮምፒውተር ከሌለ ያው ነው። በፒዲኤፍ ከተቀመጠ ፎንቱ አብሮ ስለሚሄድ እንደተጻፈ ይታያል። ኢሜይሉ ላይ የሚጻፈውን ደግሞ በስልክ ኪቦርድ መጻፍ ይበቃል፤ የዛሬ ስልኮች የሚጽፉት በዩኒኮድ ነው።

የፋይሉ ስምም የአመልካቹን ስም ይያዝ። `Document1.pdf` የሚባሉ አምስት ፋይሎች ከአምስት ሰዎች ሲመጡ ጸሐፊዋ የማን እንደሆኑ ለማወቅ ሁሉንም መክፈት አለባት። በስልክ ካሜራ የተነሱ ማስረጃዎች ከባድ ስለሚሆኑ መጠናቸውን ማየትም ጥሩ ነው። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ያያይዛል፤ የተቀባዩ ቢሮ ግን ከዚያ ያነሰ ብቻ ሊቀበል ይችላል።

ወደ ቢሮው ከመላኩ በፊት መልእክቱን ለራስ ልኮ፣ ከተጻፈበት ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ ሰው ስልክ መክፈት ነው። አባሪው መከፈቱን፣ ፊደሉ መነበቡን፣ ስልኩም ገና ሳይከፈት የትኞቹን ቃላት እንደሚያሳይ እዚያው ይታያል። የኔን ስልክ ለዚህ መዋስ የሚፈልግ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ይምጣ።